የሐይቅ ዳር ንጋት በባነር ላይ፦ ጭጋግና ርቀት የሚታመኑት መቼ ነው?

በጉዞ ወኪሎች ማስታወቂያ ላይ አንድ ዓይነት ሥዕል እየተደጋገመ መጥቷል። ከፊት ሐይቅ አለ፤ ከማዶ ሾጣጣ ተራራ ቆሟል፤ ግዙፍ ቀይ ፀሐይ ከውኃው ውስጥ ትወጣለች፤ ጉሙም ሁሉንም እኩል አልብሶታል። እያንዳንዱ ነገር ለብቻው ሲታይ ያምራል፤ አብረው ሲታዩ ግን ዓይን አያምናቸውም። ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቀውም «ይሄ የኮምፒውተር ነው» ብሎ ያልፋል። ለወኪሉ ደግሞ ይህ ኪሳራ ነው፤ ሥዕሉን ያላመነ ሰው ጉዞውንም መጠራጠሩ አይቀርም።

እነዚህ ሥዕሎች የሚሠሩት እንደ ሚድጆርኒና ስቴብል ዲፊዩዥን ባሉ በሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚሠሩ ፕሮግራሞች ነው። ተጠቃሚው የሚፈልገውን በጽሑፍ ይገልጻል፤ ጽሑፉ ፕሮምፕት ይባላል። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ጽሑፍ ነው። «እጅግ ማራኪ፣ አስደናቂ፣ ግርማ ሞገስ ያለው የተራራ ሐይቅ በፀሐይ መውጫ» ብሎ የጻፈ ሰው የራሱን ስሜት እንጂ ቦታውን አልነገረም። ፕሮግራሙም እነዚህን ቃላት በኢንተርኔት ላይ ብዙ ጊዜ አብረዋቸው ከታዩት ሥዕሎች ጋር ያያይዛቸዋል፤ እነሱም ቀለማቸው የተጋነነ ፖስተሮች ናቸው። የሚታመን ሥዕል የሚፈልግ ሰው ሦስት ነገሮችን መንገር አለበት፦ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ አየሩ ርቀትን እንዴት እንደሚያደበዝዝ፣ እንዲሁም ትንሹ ነገር ከትልቁ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሚያንስ።

ለምሳሌ የሚሆነን ወንጪ ነው። አንድ የአዲስ አበባ ጉዞ ወኪል ወደ ደጋ ሐይቆች የቅዳሜና እሑድ ጉዞ ያዘጋጃል እንበል፤ ለድረ ገጹ 1920 በ640 ፒክስል የሆነ ባነር ይፈልጋል። በአምቦና በወሊሶ መካከል ያለው ወንጪ የእሳተ ገሞራ አፍ የፈጠረው ሐይቅ ነው። ውኃው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,900 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ ዙሪያውን የከበበው ግድግዳ ከፍ ባለበት በኩል ከውኃው 500 ሜትር ገደማ ይነሣል። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መርጦታል። ባነሩ የግድ ወንጪን ማሳየት የለበትም፤ ነገር ግን ስለ እንዲህ ያለ ሐይቅ ንጋት እውነቱን ካላወቅን ለፕሮግራሙ ልንነግረው አንችልም።

ፀሐይ ከውኃው አትወጣም

በባሕር ዳርቻ ላይ የቆመ ሰው ፀሐይ ከውኃው ጠርዝ ስትወጣ ያያል። በግድግዳ በተከበበ ሐይቅ ዳር የቆመ ሰው ግን ይህን ሊያይ አይችልም። ምሥራቃዊው ግድግዳ 500 ሜትር ከፍታ ካለውና ከሐይቁ መሐል 2 ኪሎ ሜትር ከራቀ፣ ከውኃው ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ጫፉ ከአድማስ 14 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። በእኛ አገር ፀሐይ ከወጣች በኋላ በሰዓት ወደ 15 ዲግሪ ገደማ ስለምትወጣ፣ ጨረሯ የሐይቁን መሐል የሚነካው ከመውጣቷ አንድ ሰዓት ገደማ ዘግይቶ ነው። እስከዚያ ድረስ ሰማዩ ቢበራም ውኃው ጥላ ውስጥ ነው።

ስለዚህ በተራራ ሐይቅ ላይ ንጋት የሚነበበው በግድግዳው ላይ ነው። መጀመሪያ የምዕራቡ ግድግዳ ጫፍ ወርቃማ ይሆናል፤ ከዚያ የብርሃኑና የጥላው ወሰን ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ሁለቱ ግድግዳዎች እኩል ከፍታ ኖሯቸው በ4 ኪሎ ሜትር ቢራራቁ፣ የምዕራቡ የላይኛው አንድ ሦስተኛ ለመብራት 10 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ባነሩ ላይ የምንፈልገው ይህን ቅጽበት ነው፦ የላይኛው ክፍል ወርቃማ፣ ታችኛው ሰማያዊ ጥላ፣ ውኃው ገና ያልነቃ።

ቀጥሎ የሚወሰነው ካሜራው የሚያይበት አቅጣጫ ነው። ወደ ፀሐይ ቢዞር ጭጋጉ ደምቆ ተራሮቹ ጥቁር ቅርጽ ብቻ ይሆናሉ። ፀሐይን ጀርባ ቢሰጥ ግድግዳው ይበራል፤ ጭጋጉ ግን ከሞላ ጎደል ይጠፋል፤ ምክንያቱም በአየር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን የውኃና የጭስ ቅንጣቶች አብዛኛውን ብርሃን የሚበትኑት ወደ ፊት፣ ብርሃኑ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ነው። ሁለቱንም ለማግኘት ብርሃኑ ከጎን መምጣት አለበት። ካሜራው በሰሜን ዳርቻ ሆኖ ወደ ደቡብ ቢያይ ፀሐይ በግራ በኩል ከሥዕሉ ውጭ ትሆናለች። የግራው ግድግዳ ጥላ ውስጥ ይቆያል፤ የቀኙ ጫፍ ይበራል። ለባነር ይህ ሌላም ጥቅም አለው፦ የጥላው ጎን ጸጥ ያለና ጠቆር ያለ ስለሆነ፣ የጉዞው ስምና ዋጋ በነጭ ፊደል ሲጻፍበት በቀላሉ ይነበባል።

አየሩ የርቀት መለኪያ ነው

ጭጋግና ጉም በሥዕሉ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሏቸው። ጉሙ ውኃው ላይ ያለ ነው። ደመና በሌለበት ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ያጣል፤ የቀዘቀዘው አየር ከዳገቱ ተንሸራትቶ ሐይቁ ባለበት ጎድጓዳ ውስጥ ይጠራቀማል። ውኃው ከአየሩ ይልቅ ሞቅ ያለ ስለሆነ ከላዩ የሚነሣው እርጥበት ወዲያው ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ይለወጣል። በላዩ ያለው አየር ሞቅ ያለ በመሆኑ እንደ ክዳን ይጫነዋል፤ የጎጆዎች ጭስም ከዚያ በላይ ሳይወጣ በአግድም ይተኛል። ስለዚህ የንጋት ጉም ስስ ነው፤ ጣራው ጠፍጣፋ ነው፤ ከውኃው ብዙም አይርቅም። ፕሮግራሞቹ ግን በተለምዶ ጉሙን እንደ ጥጥ ክምር አሳብጠው ተራራውን እስከ ወገቡ ይሸፍኑበታል።

ጭጋጉ ደግሞ በዓይናችንና በሩቁ ነገር መካከል ያለው አየር በሙሉ ነው። አየሩ ብርሃን ይበትናል፤ የተበተነው ብርሃን ከሩቁ ጥቁር ዳገት ፊት ይጨመርና ዳገቱን ያነጣዋል፣ ወደ ሰማያዊም ይወስደዋል። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሠዓሊዎች ይህን እንዲጠቀሙበት በማስታወሻዎቹ ጽፏል። የአየር ጠባይ ባለሙያዎች በቁጥር ይለኩታል። አንድ ጥቁር ነገር ከሰማይ መለየት የሚያቅተው በ20 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ከሆነ፣ በ1 ኪሎ ሜትር ያለ ጨለማ ጫካ ከሰማዩ ጋር ያለውን ልዩነት አራት አምስተኛውን ያህል ይዞ ይቆያል። በ3 ኪሎ ሜትር ያለው ከግማሹ ትንሽ ይበልጣል። በ10 ኪሎ ሜትር ያለው ወደ አንድ ሰባተኛ ይወርዳል።

ከዚህ የምንወስደው ዋና ነገር ጭጋግ ከሩቁ ይጀምራል የሚለው ነው። በእግራችን ሥር ያለው ድንጋይና ሣር ጥርት ብሎ ካልታየ፣ የሩቁ መደብዘዝ ርቀትን ሊናገር አይችልም። ፕሮምፕት ውስጥ «ጭጋጋማ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ሲገባ የሚሆነው ይህ ነው፦ ፕሮግራሙ ግራጫ መጋረጃ በሥዕሉ ሁሉ ላይ እኩል ይዘረጋል። ሥዕሉ የሚመስለው ትልቅ ቦታ ሳይሆን የቆሸሸ ሌንስ ነው። መፍትሔው ጭጋግ የሚለውን ቃል ትቶ ውጤቱን በየርቀቱ መግለጽ ነው፦ የቅርቡ የጠራ፣ የመካከሉ የለዘበ፣ የሩቁ ሰማይ መምሰል የጀመረ።

የቦታው ከፍታም መረሳት የለበትም። በ2,900 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር 70 በመቶ ገደማ ነው። ብርሃን የሚበትነው አየር ስለሚያንስ የደጋ ጥላ ይጠቁራል፤ ሰማዩም ይጠልቃል። ከመጠን በላይ የታጠነ የደጋ ንጋት ቆላ ይመስላል።

ጽሑፉ ሲጻፍ

እነዚህ ፕሮግራሞች በአብዛኛው የሠለጠኑት የእንግሊዝኛ መግለጫ ባላቸው ሥዕሎች ስለሆነ፣ ትዕዛዙን በእንግሊዝኛ መጻፍ እስካሁን የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ከላይ የወሰንነው ሁሉ እንዲህ ይሰበሰባል፦

```
Landscape photograph, highland crater lake just after sunrise,
eye level from the near shore, wide 24mm lens.
Low sun out of frame on the left. Left slope in deep blue shadow,
top third of right slope lit warm gold, lake still in shade.
Near: wet grass and dark stones, sharp.
Middle: thin flat mist lying on the water, one tiny wooden boat.
Far: forested crater wall, softer and paler,
its trees only a fine texture. Through a low gap in the wall,
one distant ridge, almost the color of the sky.
Left third calm and empty.
```

ጽሑፉ ውስጥ አንድም የውዳሴ ቃል የለም። መጀመሪያ ቦታውና ካሜራው፣ ከዚያ ብርሃኑ፣ ከዚያ ሦስቱ ርቀቶች በቅደም ተከተል፣ በመጨረሻም ለፊደል የሚተወው ባዶ ቦታ ተገልጿል። በግድግዳው ላይ ክፍተት የተጠየቀበት ምክንያት አለው። ከውኃ ዳር ሆኖ ለሚያይ ሰው 500 ሜትር የሚያህል ግድግዳ ከኋላው ያለውን ሁሉ ይጋርዳል። ክፍተት ካልተሰጠው ፕሮግራሙ የሩቅ ተራሮችን ከግድግዳው በላይ ይደረድራል፤ ያኔ እነሱ ሰማይ ጠቀስ መሆን አለባቸው፤ ተራው የደጋ ሸንተረርም ሳይታሰብ ሂማሊያ ይሆናል።

ፕሮግራሙ ሌንስም ኪሎ ሜትርም አያሰላም። የሌንሱ ቁጥር የሚያስታውሰው በዚያ ሌንስ የተነሡ ሥዕሎችን ገጽታ ብቻ ነው። «3 ኪሎ ሜትር የራቀ ግድግዳ» ከማለት ይልቅ «ዛፎቹ ደቃቅ ሽመና ብቻ የሆኑ» ማለት የሚሻለው ለዚህ ነው፤ ሁለተኛው በሥዕል ላይ የሚታይ ነገር ነው። የማይፈለግ ነገር ሲኖርም «ሰው አይኑር» ብሎ ዋናው ጽሑፍ ውስጥ ማስገባት ብዙ ጊዜ ሰው ይጠራል። ስቴብል ዲፊዩዥን ለዚህ የተለየ ሣጥን አለው፤ ሚድጆርኒ ላይ ደግሞ በጽሑፉ መጨረሻ `--no people` ተብሎ ይጻፋል። የቆዩት የስቴብል ዲፊዩዥን ስሪቶች ወደ 75 የሚጠጉ የቃል ቁርጥራጮችን ብቻ ስለሚያነቡ፣ ይህን የሚያህል ጽሑፍ በአንድ ጊዜ አይጨርሱም፤ እዚያ ላይ የሚቆረጠው ከጀልባውና ከሣሩ እንጂ ከብርሃኑና ከሦስቱ ርቀቶች መሆን የለበትም።

የባነሩ ቅርጽም ወጥመድ አለው። ከቁመቱ ሦስት እጥፍ የሚረዝም ሥዕል በቀጥታ ሲጠየቅ አንዳንዶቹ ፕሮግራሞች ቦታውን ለመሙላት ተራራውን ይደግሙታል፤ ሁለት ጀልባ ወይም ሁለት የተለያዩ ንጋቶች በአንድ ሥዕል ላይ ይገናኛሉ። ሥዕሉን በ3 ለ2 ቅርጽ አውጥቶ ከላይና ከታች መቁረጥ ይሻላል። 1920 በ1280 ሆኖ የወጣ ሥዕል ስፋቱ ሳይነካ 640 ቁመት ያለው ባነር ይወጣዋል። የግእዝ ፊደል በሥዕሉ ውስጥ እንዲጻፍ መጠየቅ ደግሞ የተበላሸ ፊደል መጋበዝ ስለሆነ ጽሑፉ በኋላ በዲዛይን ፕሮግራም ይጨመራል።

በማስመሪያ መፈተሽ

ሥዕሉ ከወጣ በኋላ ውበቱን ከማድነቅ በፊት መለካት ይገባል። በ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ የተነሣ፣ 1920 ፒክስል ስፋት ያለው ሥዕል አንድ ቀላል ስሌት አለው፦ የነገሩን ትክክለኛ ቁመት በ1280 አባዝቶ ለርቀቱ ማካፈል። 500 ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ በ3 ኪሎ ሜትር ላይ 213 ፒክስል ይሆናል፤ ይህ የባነሩ ቁመት አንድ ሦስተኛ ነው። በዚያው ግድግዳ ላይ ያለ የ15 ሜትር ዛፍ 6 ፒክስል ብቻ ይሆናል። በ400 ሜትር ርቀት ላይ ያለች የ5 ሜትር ጀልባ በጎኗ ስትታይ 16 ፒክስል ትሆናለች።

በጣም የሚያጋልጠው የዛፉ መለኪያ ነው። ፕሮግራሙ ተራራውን አሳምሮ ከሠራ በኋላ ዛፎቹን አንድ በአንድ እስኪቆጠሩ ያጎላቸዋል። 213 ፒክስል በሆነው ግድግዳ ላይ 40 ፒክስል የሚያህል ዛፍ ከቆመ፣ ግድግዳው ከአምስት ዛፍ ትንሽ ብቻ ይበልጣል፤ ማለትም 80 ሜትር ገደማ የሆነ ኮረብታ ነው። ጭጋጉ «ሩቅ ነው» ሲል ዛፉ «ቅርብ ነው» ይላል። ተመልካቹ ሳያሰላ የሚሰማው ቅራኔ ይህ ነው። ይህን ለማወቅ የሌንሱ ቁጥር እንኳ አያስፈልግም፤ ዛፉን ከግድግዳው ጋር ማነጻጸር ይበቃል።

ሁለተኛው ፈተና ሰው ነው። ካሜራው በቆመ ሰው ዓይን ከፍታ ላይ ከሆነ፣ የማዶው የውኃ ጠርዝ የዓይን መስመር ላይ ይወድቃል። በቅርቡ ዳርቻ ላይ በእኩል መሬት የቆሙ ሰዎች ሁሉ ቅርብም ይሁኑ ሩቅ፣ ጭንቅላታቸው በዚያ መስመር ላይ ወይም እዚያው አካባቢ መሆን አለበት። የአንዱ ጭንቅላት ከማዶው ጠርዝ እጅግ በላይ ከወጣ ግዙፍ ሆኗል፤ እጅግ በታች ከሆነ ደግሞ አሻንጉሊት ሆኗል።

ሦስተኛው ፀሐይ ናት፤ ፕሮግራሙ ሳይጠየቅ ሥዕሉ ውስጥ ቢያስገባት። የፀሐይ ስፋት በሰማይ ላይ ግማሽ ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ በዚህ ባነር ላይ 12 ፒክስል ገደማ ይሆናል። አድማስ ላይ ትልቅ የምትመስለን አእምሯችን ስለሚያሳስተን ነው። መቶ ፒክስል የሆነች ፀሐይ የምትገኘው በጣም በሚያቀርብ ሌንስ በተነሣ ፎቶ ላይ ነው፤ ከሰፊ የሐይቅ ዳር ሥዕል ጋር አብራ ልትሆን አትችልም።

በመጨረሻ ነጸብራቁ ይታያል። የበራው የቀኝ ግድግዳ ምስል በውኃው ላይ ቀጥ ብሎ ከሥሩ መውረድ አለበት። ጉም በተኛበት ቦታ ላይ ግን ነጸብራቅ አይኖርም፤ ያለ መቆራረጥ እንደ መስታወት የሚያበራ ውኃና በላዩ የተኛ ጉም እዚያው ቦታ ላይ ከተገናኙ አንዱ ሐሰት ነው።

ስህተት ሲገኝ ጽሑፉን እንደገና መጻፍ አይመከርም። እያንዳንዱ ሥዕል የሚነሣበት መነሻ ቁጥር ሲድ ይባላል፤ እሱን ሳይቀይሩ አንድ ሐረግ ብቻ መቀየር የትኛው ቃል ምን እንዳመጣ ያሳያል። ዛፎቹ ብቻ ከተበላሹ ደግሞ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጎ ያንን ክፍል ብቻ ማሠራት ይቻላል። ጭጋጉ ወደ ቅርቡ ከመጣ «የጠራ» የሚለውን ቃል ከመደጋገም ይልቅ በሣሩ ላይ ጤዛ፣ በድንጋዩ ላይ ስንጥቅ መጠየቅ ይሠራል፤ ፕሮግራሙ እነዚህን ለማሳየት የቅርቡን አየር ማጥራት ይኖርበታል።

ስም ሲጻፍበት

ይህ ሁሉ ተሟልቶ የወጣ ሥዕል የሚታመን ይሆናል፤ ቦታው ግን የትም የለም። በግድግዳው ላይ ያለውን ክፍተት ያስገባነው ለሥዕሉ እንዲመች ነው። በወንጪ ሐይቅ ላይ ያለው ደሴትና የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን በሥዕሉ ውስጥ የሉም፤ እንዲገቡ ቢጠየቅም ፕሮግራሙ የሚያወጣው የራሱን ደሴትና የራሱን ቤተ ክርስቲያን ነው። ሥዕሉ የበለጠ እየታመነ በሄደ ቁጥር አሳሳችነቱም ይጨምራል፤ የተጋነነውን ፖስተር ማንም እንደ ማስረጃ አይወስደውም፤ ይህኛውን ግን ይወስደዋል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ከሕጉም በፊት ገንዘብ ከፍሎ ሄዶ ክፍተቱን የሚፈልግ ተጓዥ አለ።

ስለዚህ ሥራው ይከፈላል። «የደጋ ሐይቆች ጉዞ» በሚለው ጠቅላላ ባነር ላይ የተፈጠረው ሥዕል፣ በኮምፒውተር መሠራቱን ከሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ጋር ሊቆም ይችላል። የወንጪ ስም፣ ቀንና ዋጋ በተጻፈበት ገጽ ላይ ግን የሚገባው የወንጪ ፎቶ ነው። ያንን ፎቶ የሚያነሣው ባለሙያም ያው ፕሮምፕት ይጠቅመዋል፦ ከሐይቁ በስተ ሰሜን ይቁም፣ ወደ ደቡብ ይይ፣ ሰፊ ሌንስ ይያዝ፣ ሌሊቱ ደመና ያልነበረበትን ጠዋት ይምረጥ፤ ፀሐይ ከወጣች ከ10 ደቂቃ በኋላ፣ ብርሃኑ በቀኙ ግድግዳ ላይ አንድ ሦስተኛ ሲወርድ ያንሣ። ጉሙ ውኃው ላይ እስካለ ድረስ ጊዜ አለው፤ ፀሐይ ሐይቁን ስትነካ ይበተናል።